ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ፦ ለሆቴል ሥራ አስኪያጅ የሚጻፍ የቅናሽ ሐሳብ

ቢሾፍቱ ውስጥ ሆቴል የሚያስተዳድር ሰው የቅዳሜ ምሽት ብዙም አያስጨንቀውም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ሐይቆቿን ብሎ የሚመጣው ቤተሰብ፣ ሠርግ የታደመው ዘመድና ጫጉላ የወጡት ሙሽሮች ክፍሎቹን ይሞሉለታል። ጭንቀቱ የሚጀምረው እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ተራ በተራ ከግቢው ሲወጡ ነው። ከዚያች ማታ አንስቶ እስከ ሐሙስ ድረስ ብዙ ክፍል ባዶውን ያድራል። ነጋዴ ዛሬ ያልተሸጠለትን ጨርቅ ነገ ሊሸጠው ይችላል፤ ባዶውን ያደረ ክፍል ግን የዚያች ሌሊት ገቢው በዚያው ቀርቷል።

በየጊዜው ሰው ሰብስቦ የሚያሳድር ድርጅት ለሆቴል የቅናሽ ሐሳብ ሲጽፍ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው። የሚጻፉት ደብዳቤዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ይነሳሉ። «ድርጅታችን በተለያዩ ጊዜያት ሥልጠናዎችን ስለሚያዘጋጅ ልዩ ቅናሽ እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን» ብለው ማኅተም ያርፍባቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ይህን አንብቦ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚከፍል አያውቅም። ስለማያውቅም ለማንም የሚሰጠውን 5 ወይም 10 በመቶ ጽፎ ይመልሳል። አልተሳሳተም። የማያውቀውን ነገር በርካሽ እንዲሸጥ ሊጠበቅበት አይችልም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንከተል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማኅበር ከየክልሉ ለሚመጡ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ይሰጣል እንበል። በአንድ ዙር 25 ሰው ይመጣል፤ እያንዳንዱ አንድ ክፍል ይይዛል። እሑድ ማታ ይገባሉ፣ ሐሙስ ምሳ በልተው ይወጣሉ፤ አራት ሌሊት ማለት ነው። ከነሐሴ እስከ ግንቦት በየወሩ አንድ ዙር ከተካሄደ አሥር ዙር ይሆናል። አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት ሲያዝ አንድ አዳር ብለን ከቆጠርን 25 ክፍል በ4 ሌሊት በ10 ዙር ሲባዛ 1,000 አዳር ይመጣል። የደብዳቤው ጉልበት ያለው በዚህ ቁጥር ላይ ነው፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ መታየት አለበት።

ቀጥሎ ሆቴሉን ከሥራ አስኪያጁ ወንበር ሆኖ ማየት ያስፈልጋል። ሆቴሉ 60 ክፍሎች አሉት፤ የአንድ ክፍል ዋጋ ከነቁርሱ ከግብር በፊት 4,000 ብር ነው እንበል። በሥራ ቀናት በአማካይ 24 ክፍል ይያዝለታል። የእኛ 25 ሲጨመር 49 ይሆናል፤ ከ60 አይበልጥም። ስለዚህ እኛ በመግባታችን ሙሉ ዋጋ የሚከፍል አንድም እንግዳ አይመለስም። ለአንድ ተጨማሪ እንግዳ ሆቴሉ የሚያወጣው ለቁርስ፣ ለአንሶላና ፎጣ እጥበት፣ ለሳሙና፣ ለውኃና መብራት፣ ለጽዳት ነው፤ ይህን 1,200 ብር እናድርገው። የጥበቃው ደመወዝ፣ የባንክ ብድሩ፣ የሕንፃው ወጪ እኛ መጣንም ቀረንም ያው ነው። ማኅበሩ በ3,000 ብር ቢያድር ከእያንዳንዱ አዳር 1,800 ብር፣ ከ1,000 አዳር ደግሞ 1,800,000 ብር ይተርፈዋል። ይህ ሳይመጣ ይቀር የነበረ ገንዘብ ነው።

ያንኑ ዋጋ ዓርብና ቅዳሜ ላይ ብንጠይቅ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ሆቴሉ በእነዚያ ሌሊቶች በ4,000 ብር መሙላት ስለሚችል በ3,000 የሚሰጠን እያንዳንዱ ክፍል 1,000 ብር ያጎድለዋል። የ25 በመቶ ቅናሽ ለማክሰኞ ተገቢ ሲሆን ለቅዳሜ ግን ድፍረት ይሆናል። እዚህ ላይ የከተማዋን የቀን መቁጠሪያ ማወቅ ይጠቅማል። በመስቀል ሰሞን የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ ሲከበር ቢሾፍቱ ትጨናነቃለች፤ በዚያ ሰሞን ቅናሽ መጠየቅ ደብዳቤውን ያስንቃል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ አዳራሽ አይገኝም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ግን በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ስለማይፈጸም ብዙ አዳራሽ ሥራ ይፈታል። አንድ ዙር ወደ ቅዳሜና እሑድ መግፋት ግድ ከሆነ መግፋት ያለበት ወደዚያ ወቅት ነው።

ሆቴሉ በሥራ ቀን ስንት ክፍል ባዶ እንደሚያድርበት ለውጭ ሰው አይነገረውም። መገመት ግን ይቻላል። ለማክሰኞና ለቅዳሜ ሌሊት 25 ክፍል እንዳለ በስልክ መጠየቅና የመልሱን ፍጥነት ማየት አንዱ መንገድ ነው። «አለ፣ ስንት ይያዝልዎት?» የሚል መልስ ወዲያው ከመጣ ክፍሉ ባዶ ነው። ማክሰኞ ማታ ሄዶ የመኪና ማቆሚያውን፣ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ የቁርስ አዳራሹን ማየት የበለጠ ይነግራል። ቁርሱ በቡፌ ሳይሆን በትዕዛዝ የሚሠራ ከሆነ እንግዳው ጥቂት ነው ማለት ነው።

ከዋጋው በፊት መጥራት ያለበት ሌላው ነገር ግብሩ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሆቴሎች በክፍሉ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። 4,000 ብር የተባለው ክፍል መጀመሪያ 4,400፣ ከዚያ 5,060 ብር ይሆናል። 3,000 የተባለውም 3,795 ብር ይደርሳል። አንዱ ወገን ከግብር በፊት፣ ሌላው ከግብር በኋላ እያሰበ «በ3,800 ተስማምተናል» ቢል የመጀመሪያው ዙር ደረሰኝ ሲቆረጥ ጠብ ይነሳል። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት። ማኅበሩ ሲከፍል በሕጉ መሠረት ተቀናሽ ግብር የሚያስቀር ከሆነም አስቀድሞ ይጻፍ፤ የሆቴሉ ሒሳብ ሹም ገንዘቡ ጎደለ ብሎ እንዳይቆጣ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ሥራ አስኪያጁ 1,000 አዳር የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ደስ ቢለውም አያምንም። የዓመት ሥራ አመጣለሁ ብሎ በቅናሽ ዋጋ አንድ ዙር አድርጎ የጠፋ ደንበኛ ገጥሞታል። ጥርጣሬውን በምስጋናና በትሕትና ቃላት ማስወገድ አይቻልም፤ ዋጋውን ራሱን እንዲያምን አድርጎ መሥራት ግን ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ 400 አዳሮች፣ ማለትም አራቱ ዙሮች፣ በ3,300 ብር ይታሰቡ። ከ401ኛው ጀምሮ 3,000 ይሁን። ዓመቱ ሲያልቅ 1,000 ከተሞላ በመጀመሪያዎቹ 400 አዳሮች ላይ በብልጫ የተከፈለው 300 ብር፣ በድምሩ 120,000 ብር፣ ከመጨረሻው ዙር ሒሳብ ላይ ይቀነስ። ማኅበሩ ከአራት ዙር በኋላ ቢጠፋ ሆቴሉ አልተጎዳም፤ ቃሉን ከጠበቀ ደግሞ ያሰበውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ያገኛል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ጥርጣሬን ከዚህ የተሻለ የሚያቀል አቀራረብ የለም።

ታዲያ ማኅበሩ ራሱ ቃሉን መጠበቅ መቻል አለበት። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በአበል ምክንያት ነው። ሠልጣኞች የአልጋውን ጭምር አበል በእጃቸው ከተቀበሉ ብዙዎቹ ከሆቴሉ ወጥተው ርካሽ ፔንሲዮን ይይዛሉ፤ ልዩነቱን ለቤታቸው ያተርፋሉ። ማንም አይፈርድባቸውም፤ የጤና ባለሙያ ደመወዝ ይታወቃል። ነገር ግን 25 ክፍል ተይዞ 14 ሰው ካደረ ስምምነቱ በመጀመሪያው ዙር ሞተ። ስለዚህ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት አልጋውን ማኅበሩ በቀጥታ ለሆቴሉ እንደሚከፍል፣ ለሠልጣኙ ደግሞ ከአልጋ ውጭ ያለው አበል ብቻ እንደሚሰጠው ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር መወሰንና በጥሪ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ያልወሰነ ድርጅት 1,000 አዳር ብሎ መጻፍ የለበትም።

ሌላው ጥንቃቄ ቅናሹ በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር እንዳይወጣ ነው። የክፍሉ ዋጋ ሲወርድ የአዳራሽ ኪራይ ብቅ ይላል፣ የምሳው ዋጋ ከፍ ይላል። አዳራሹ በቀን 6,000 ብር ቢታሰብ ለአራት ቀን በአሥር ዙር 240,000 ብር ነው። ምሳው በአንድ ሰው 200 ብር ቢጨምር ለ25 ሰው በአራት ቀን በአሥር ዙር 200,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 440,000 ብር ናቸው። ከክፍሉ ቅናሽ ማኅበሩ ግብሩን ጨምሮ በዓመት የሚያተርፈው 1,265,000 ብር ስለሆነ ከዚያ ላይ ከሦስት እጅ አንዱ ያህል በዚህ ሄደ ማለት ነው። መድኃኒቱ አልጋን፣ አዳራሽን፣ ምሳንና ሁለት ጊዜ የሻይ ቡና ዕረፍትን በአንድ ደብዳቤ አብሮ መጠየቅ ነው። ሁለት ነገር ለየብቻ ከተደራደሩ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

እነዚህ ሁሉ ከተወሰኑ በኋላ ደብዳቤው ራሱ አጭር ነው። በድርጅቱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ቁጥርና ቀን ይዞ ይወጣል፤ አካሉም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ
ቢሾፍቱ

ጉዳዩ፦ በዓመት 1,000 አዳር ለሚደርስ የሥልጠና መስተንግዶ የዋጋ ሐሳብ ስለማቅረብ

ማኅበራችን ከነሐሴ እስከ ግንቦት በየወሩ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አሥር ዙር ሥልጠና ለመስጠት በጀት ይዟል። በእያንዳንዱ ዙር 25 ሠልጣኞች እሑድ ማታ ገብተው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይወጣሉ። በዚህም መሠረት ከእሑድ እስከ ረቡዕ ባሉት አራት ሌሊቶች በየዙሩ 100 አዳር፣ በዓመት 1,000 አዳር እንጠቀማለን። ዓርብና ቅዳሜ ክፍል አንጠይቅም፤ የመስከረሙ ዙርም ከመስቀል በፊት ይጠናቀቃል። የዙሮቹ ቀናት ዝርዝር ከዚህ ጋር ተያይዟል።

በዚህ መሠረት የሚከተለውን ዋጋ እናቀርባለን። ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ክፍል ለመጀመሪያዎቹ 400 አዳሮች ከአገልግሎት ክፍያና ከታክስ በፊት 3,300 ብር፣ ከእነርሱ ጋር 4,174 ብር ከ50 ሳንቲም፤ ከዚያ በኋላ ላሉት 3,000 ብር፣ ከእነርሱ ጋር 3,795 ብር። በዓመቱ መጨረሻ 1,000 አዳር ከተሞላ ከታክስ በፊት 120,000 ብር ከመጨረሻው ዙር ሒሳብ ላይ እንዲቀነስልን። ምሳና በቀን ሁለት ጊዜ ሻይ ቡና በሆቴሉ ባሁኑ ዋጋ እንዲሆኑ፣ 20 ሰውና ከዚያ በላይ በምንይዝባቸው ዙሮች ሁሉ አዳራሹ ያለ ኪራይ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

በእኛ በኩል የአልጋውን ሒሳብ ማኅበሩ በቀጥታ ይከፍላል። ከእያንዳንዱ ዙር አምስት የሥራ ቀናት በፊት 30 በመቶ ቅድሚያ፣ ቀሪውን ደረሰኝ በቀረበልን በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንከፍላለን። የሠልጣኞችን የስም ዝርዝር ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት እንልካለን። ከተያዘው ላይ እስከ ሦስት ክፍል ቢቀነስ እንዳይታሰብብን፣ ከዚያ በላይ ለሚጎድለው ግን የአንድ ሌሊት ዋጋ እንድንከፍል ተስማምተናል። አንድን ዙር ማስተላለፍ ግድ ሲሆን ከ15 ቀን በፊት በጽሑፍ እናሳውቃለን።

ዋጋው ለስድስት ወር እንዲጸና፣ ከዚያ በኋላ በአንዱ ወገን ጥያቄ የ30 ቀን ማስታወቂያ ተሰጥቶ በጋራ እንዲታይ ሐሳብ እናቀርባለን። በቀረበው ሐሳብ ላይ ለመነጋገር በሚመቻችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በአካል ለመገኘት ዝግጁ ነን።

ከሰላምታ ጋር

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል። ከፊርማና ማኅተም በቀር የሚጨመርበት የለም። የድርጅቱ ታሪክ፣ ራዕይና ተልዕኮ የለበትም፤ ሥራ አስኪያጁ እነዚያን አይሸጥም።

ስለ ስድስት ወሩ ትንሽ ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሆቴሎች ዋጋ ለዓመት አስረው መስጠት ይፈራሉ። የሚፈሩበት ምክንያትም አላቸው፤ ዘይቱ፣ የጄነሬተሩ ነዳጅ፣ የሊፍቱ መለዋወጫ ባሉበት አይቆዩም። ለዓመት ቆልፉልን የሚል ጠያቂ ወይ አይሰጠውም ወይም የዓመቱ ጭማሪ ከመጀመሪያው ተደምሮበት ይሰጠዋል። ስድስት ወርና በጋራ የሚታይ ማስተካከያ ለሁለቱም ይበጃል። ማስተካከያው ግን በምን እንደሚለካ መጻፍ አለበት። ቀላሉ መንገድ ከሆቴሉ የወቅቱ የታተመ ዋጋ ላይ የተወሰነ መቶኛ መቀነስ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 25 በመቶ። ሆቴሉ ለሁሉም እንግዳ ሳይጨምር ለእኛ ብቻ ሊጨምርብን አይችልም።

ምግቡ ላይ ደብዳቤው ዝም ቢልም ከስምምነቱ ጋር አንድ ገጽ መያያዝ አለበት። ረቡዕ ጾም ነው፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ሳምንቱ በሙሉ። ከ25 ሰው ስንቱ የጾም፣ ስንቱ የፍስክ እንደሚበላ በስም ዝርዝሩ ላይ ካልተጠየቀ ወይ ሥጋው ይተርፋል ወይ ሽሮው ያልቃል። የሙስሊም ሠልጣኞች ሥጋ ለብቻው ታርዶ ለብቻው መቅረቡ መረጋገጥ አለበት፤ ረመዳን ላይ የሚውል ዙር ካለም የምሳው ሒሳብ ወደ ማፍጠሪያ እንዲዞር ከወዲሁ ይጻፍ። አለበለዚያ ማኅበሩ ላልተበላ ምሳ ይከፍላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ በግልጽ ልናገረው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የኮሚሽን ነገር። አንዳንድ ቦታ የሆቴሉ ሰው ዋጋውን ሳይቀንስ ለሥልጠና አዘጋጁ «የእርስዎን እናስብልዎታለን» ይላል። ይህ ለሠልጣኝ ሐኪምና ነርስ የተመደበን ገንዘብ መውሰድ ነው። ደብዳቤው በድርጅቱ ስም ወጥቶ፣ ግልባጩ ለፋይናንስና ለግዥ ክፍል ደርሶ፣ ማንኛውም ጥቅም በደረሰኙ ላይ በቅናሽ መልክ ብቻ እንዲታይ ቢጠይቅ ያ ንግግር አይነሳም። ለግዥ ሥርዓቱም ቢሆን ሦስት ሆቴሎች ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሷቸው ሦስት ፕሮፎርማ ቢመለስ ውሳኔው ለማንም ኦዲተር የሚቀርብ ይሆናል።

መልሱ ሲመጣ ከዋጋው በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ሆቴሉ ቀናቱን ጠቅሶ ክፍል መኖሩን ካረጋገጠ ደብዳቤውን አንብቧል። «በመርህ ደረጃ ተስማምተናል» ብሎ ቀን ካልጠቀሰ ክፍሎቹን አልያዘም። ዋጋው ሙሉ በሙሉ እንደተጠየቀው ቢመለስ ምሳውንና አዳራሹን እንደገና ይመልከቱ። 3,200 ቢልና አዳራሹን በነፃ ቢሰጥ በአሥር ዙር 240,000 ብር ስላዳነ ከ3,000 የከበደ ላይሆን ይችላል፤ አስልተው ይወስኑ።

የሆቴል ሥራ አስኪያጆች ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፤ አዲሱ ሰው የቀድሞው በቃል የተናገረውን ዋጋ አያውቅም። በመሆኑም ስምምነቱ በሁለት ቅጂ ተፈርሞ፣ የሆቴሉ ማኅተም አርፎበት፣ አንዱ ቅጂ በእጅዎ ሳይገባ ለመጀመሪያው ዙር ሠልጣኞች የጥሪ ወረቀት አይላኩ።